ጓደኝነት ስንት ሰዓት ይፈጃል?

ጠዋት ታክሲ ሰልፍ ላይ ከሰው ጋር ተጋፍቶ፣ ቀኑን ከባልደረቦቹ ጋር ሲያወራ ውሎ፣ ማታ ቤቱ ሲገባ ግን የሆዱን የሚያጫውተው ሰው የሌለው የአዲስ አበባ ነዋሪ ጥቂት አይደለም። ብቸኝነትን የሚያጠኑ ሳይንቲስቶች በዚህ አይገረሙም። ብቸኝነትን የሚመዝኑት በዙሪያችን ባለው ሰው ብዛት አይደለም፤ በምንመኘው ቅርበትና ባለን ቅርበት መካከል ባለው ክፍተት እንጂ። ክፍተቱ በሰው መሀል ሆኖም የማይሞላበት አንዱ ምክንያት ደግሞ በሰዓት ሊቆጠር የሚችል ነው።

የአሜሪካው ካንሳስ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ጄፍሪ ሆል እ.ኤ.አ. በ2018 ይፋ ባደረገው ጥናት፣ በቅርቡ ወደ አዲስ ቦታ የተዛወሩ ሰዎችንና አዲስ የገቡ ተማሪዎችን ከተዋወቋቸው ሰዎች ጋር ምን ያህል ጊዜ እንዳሳለፉና ምን ያህል እንደተቀራረቡ ጠየቃቸው። ከትውውቅ ወደ ተራ ጓደኝነት ለመሻገር 50 ሰዓት ያህል፣ ጓደኛ ለመባል 90፣ የልብ ወዳጅ ለመሆን ደግሞ ከ200 ሰዓት በላይ ያስፈልግ ነበር። ቁጥሮቹ ሰዎቹ ራሳቸው ከገመቱት የተገኙና በአሜሪካውያን ላይ የተመሠረቱ ስለሆኑ ለሁሉም አገር የሚሠሩ ሕጎች አይደሉም። መጠኑን ለመረዳት ግን ይበቃሉ።

ለምሳሌ ከደሴ ለሥራ መጥታ ጀሞ ኮንዶሚኒየም የተከራየች ወጣት እናስብ። ከጎረቤቷ ጋር በየቀኑ ደረጃው ላይ አንድ አንድ ደቂቃ ሰላምታ ብትለዋወጥ፣ በዓመት የሚጠራቀመው ስድስት ሰዓት ብቻ ነው። 50 ሰዓት ለመሙላት ስምንት ዓመት ያስፈልጋታል፤ ተከራይ ግን ብዙ ጊዜ ስምንት ዓመት አንድ ቤት አይቆይም። ከድሮ የክፍል ጓደኛዋ ጋር በወር አንዴ ለሁለት ሰዓት ብትገናኝ ደግሞ በዓመት 24 ሰዓት ይሆናል፤ 90ው የሚሞላው አራተኛው ዓመት ሊያልቅ ሲል ነው። ያደገችበት ሰፈር ግን እናቷ ከጎረቤት ጋር በየቀኑ አንድ ሰዓት ቡና ይጠጡ ከነበረ፣ 200ው ሰዓት ሰባት ወር ሳይሞላ ያልቃል። የሰፈሩ ሰው ከኮንዶሚኒየሙ ሰው የተሻለ ልብ ስላለው አይደለም። ጀበናው ሰዓቱን ስለሚያዋጣ ነው።

ታዲያ ከባልደረቦቿ ጋር በየቀኑ የምታሳልፈው ስምንት ሰዓትስ? የሆል ጥናት እዚህ ላይ ይጠነቀቃል። ሥራ ወይም ትምህርት ስላገናኘን ብቻ አብረን የምናሳልፈው ጊዜ እንደ ሌላው አያቀራርብም። ስለ ትራፊክና ስለ ኑሮ ውድነት ብቻ የሚወራ ወሬም እንዲሁ ነው። የሚያቀራርበው በፈቃድ የተመረጠ ጊዜ ነው፦ መሳቅ መጫወት፣ «ያ ጉዳይሽ ምን ደረሰ?» ብሎ ካቆሙበት መቀጠል፣ የልብን ማውራት።

ሰዓቱን መጀመር ከባድ የሚሆንበት ሌላም ምክንያት አለ። የቺካጎ ዩኒቨርሲቲው ጆን ካሲዮፖ ብቸኝነትን እንደ ረሃብ የሚቀሰቅስ የሰውነት ምልክት አድርጎ ያየው ነበር፤ ረሃብ ምግብ ፈልግ እንደሚለን ሁሉ ብቸኝነትም ሰው ፈልግ ይለናል። ምልክቱ ሲረዝም ግን ጥርጣሬ ይጨምራል፤ ብቸኛ ሰው የመገፋትን ፍንጭ ቶሎ ያያል። ልጅቷ ከጓደኛዋ «ሰሞኑን ቢዚ ነኝ» የሚል መልስ ሲደርሳት «አልፈለገችኝም» ብላ ትተረጉመዋለች፤ ሁለተኛ አትደውልም። ጓደኛዋ ግን የምሯን ሥራ በዝቶባት ሊሆን ይችላል፤ መደወሉ ሲቀርም እሷ በተራዋ «ረሳችኝ» ትላለች።

ይህ ግምት ብዙ ጊዜ ስህተት እንደሆነ ኤሪካ ቡዝቢና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2018 አሳይተዋል። የማይተዋወቁ ሰዎችን አጫውተው ሲጠይቋቸው፣ አብዛኛው ሰው ሌላው ምን ያህል እንደወደደው አሳንሶ ይገምት ነበር። አብረው በሚኖሩ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች መካከልም ይኸው ስህተት ለወራት ቆይቷል።

ስለዚህ ብዙ አዲስ ሰው ከመተዋወቅ ይልቅ ከሚያውቁት አንዱን መርጦ ቀን መቁረጥ ይሻላል። ያው ሁለት ሰዓት በየወሩ መሆኑ ቀርቶ በየሳምንቱ ቢሆን፣ 90ው ዓመት ሳይሞላ ያልፋል። ቀኑ የተቆረጠ ከሆነ ደግሞ በየጊዜው መደወልና «ትፈልገኝ ይሆን?» ብሎ መሳቀቅ ይቀራል። የጽዋ ማኅበር በየወሩ በቅዱሱ ቀን የሚገናኘው ማንም ማንንም ሳይለምን ነው። እቁብም ፊት ለፊት ሲጣል እንዲሁ ያገናኛል፤ ብሩ በስልክ ተልኮ የሚያልቅ እቁብ ግን ገንዘብ ያጠራቅማል እንጂ ሰዓት አያጠራቅምም።