ከዋጋ ጋር አብሮ የሚያድግ ቦንድ

በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚኖሩ አንድ ጡረተኛ አሉ እንበል። ከቀድሞ ኩባንያቸው በወር 1,200 ዶላር ይከፈላቸዋል፤ ቼኩ በየዓመቱ ያው ነው። ዋጋ በዓመት 3 በመቶ ብቻ ቢጨምር እንኳ ከ20 ዓመት በኋላ ይህ ገንዘብ የሚገዛላቸው ዛሬ በ660 ዶላር ገደማ የሚገዛውን ያህል ነው። የሶሻል ሴኩሪቲ ክፍያቸው በየዓመቱ ከኑሮ ውድነት ጋር ይስተካከላል፤ በ2023 (እ.ኤ.አ.) 8.7 በመቶ ተጨምሮበታል። የኩባንያው ጡረታ ግን ባለበት ቆሟል።

ጉድለቱን ከሚሞሉ መንገዶች አንዱ የአሜሪካ ግምጃ ቤት ከ1997 ጀምሮ የሚሸጠው፣ ቲፕስ የሚባለው ቦንድ ነው። ከተራ ቦንድ የሚለየው ዋናው ገንዘብ ራሱ ከሸማቾች ዋጋ ጋር አብሮ በማደጉ ነው።

ጡረተኛው 2 በመቶ ወለድ የሚከፍል የ10 ዓመት ቲፕስ በ10,000 ዶላር ገዙ እንበል። ዋጋ በ3 በመቶ ሲጨምር ዋናው ገንዘብ በዓመቱ 10,300 ይሆናል፤ ወለዱም ከዚያ በኋላ የሚታሰበው ባደገው ገንዘብ ላይ ነው። ንረቱ በዚሁ ከቀጠለ በ10ኛው ዓመት 13,400 ዶላር ያህል ይመለስላቸዋል። በተቃራኒው ዋጋ ቢወርድ እንኳ በማብቂያው ቀን ከመጀመሪያው 10,000 በታች አይከፈላቸውም።

ብዙዎችን ያሳዘነው 2022 ነበር። የዋጋ ንረቱ በሰኔ 9.1 በመቶ ደረሰ፤ ሆኖም ረጅም ዘመን ያላቸውን ቲፕሶች የሰበሰቡ ፈንዶች በዚያው ዓመት ከ10 በመቶ በላይ ወረዱ። ምክንያቱ የገበያው ወለድ በድንገት መጨመሩ ነው፤ የተሻለ ወለድ የሚከፍል አዲስ ቦንድ ሲመጣ የአሮጌው መሸጫ ዋጋ ይወድቃል። ቦንዱን ራሱን ይዞ እስከ ማብቂያው የሚጠብቅ ሰው ግን ቃል የተገባለትን ያገኛል። ለጡረተኛ የሚሻለው እንግዲህ የፈንድ ድርሻ ሳይሆን፣ ገንዘቡ በሚያስፈልግባቸው ዓመታት ተራ በተራ የሚያበቁ ቦንዶችን መያዝ ነው።

ቤትና ወርቅስ? ዕዳው የተከፈለ ቤት ከኪራይ ጭማሪ ያድናል፤ ነገር ግን ማጀቱን ቆርሶ መድኃኒት መግዛት አይቻልም፣ የንብረት ግብሩና ኢንሹራንሱም ይጨምራል። ወርቅ ደግሞ በጥር 1980 አንዱ አውንስ 850 ዶላር ደርሶ ነበር፤ ከ20 ዓመት በኋላ 300 ዶላር እንኳ አያወጣም ነበር። በዚያ ጊዜ ውስጥ የሌላው ዕቃ ዋጋ ከእጥፍ በላይ አድጓል። የወርቅ ባለቤት የወር ገቢም የለውም።

ቲፕስ በ100 ዶላር ይጀመራል። አንድ መጠንቀቂያ አለው፦ የዋናው ገንዘብ ዕድገት ገና በእጅ ሳይገባ በየዓመቱ የፌዴራል ግብር ይታሰብበታል። ስለዚህ በአይአርኤ፣ ማለትም በጡረታ ቁጠባ ሒሳብ ውስጥ መያዙ ይመረጣል። የግምጃ ቤቱ የራሱ ድረ ገጽ ይህን ሒሳብ ስለማይከፍት ግዢው በደላላ ድርጅት በኩል ይፈጸማል።