በማሽን የተጀመረን ረቂቅ የራስ ማድረግ

ሰው ሠራሽ አስተውሎት የጻፈው ረቂቅ ብዙ ጊዜ የሚታወቀው በስህተቱ ሳይሆን በባዶነቱ ነው። ስለ እንጀራ አሠራር የሚጽፍ ሰው ፕሮግራሙን ረቂቅ ቢጠይቀው እንዲህ ያለ ዓረፍተ ነገር ሊያገኝ ይችላል፦ «እንጀራ በኢትዮጵያ ባህል ውስጥ ትልቅ ሚና የሚጫወት ሲሆን፣ የጤፍ ዱቄት ከውሃ ጋር ተቀላቅሎ ለጥቂት ቀናት ከቦካ በኋላ ይጋገራል።» ሐሰት የለበትም። ነገር ግን በዚህ መመሪያ ሊጥ ያቦካ ሰው ዓይን ያለው እንጀራ ለማውጣት ይቸገራል፤ አብሲቱ ተረስቷልና።

ስለዚህ እርማቱ የሚጀምረው ቃላትን በመለዋወጥ አይደለም። ጸሐፊው ረቂቁን ዘግቶ የሚያውቀውን በሌላ ወረቀት ላይ ያሰፍራል፣ የማያውቀውንም ከባለሙያ ይጠይቃል። ረቂቁ ፊት ለፊት ተከፍቶ ከቆየ ሐሳቡ ሳያውቀው የማሽኑን ቅደም ተከተል ይከተላል። ከዚያ ሁለቱን ያስተያያል። «ትልቅ ሚና የሚጫወት» የሚለው ሐረግ ስለ ቡናም ስለ እግር ኳስም ሊባል ስለሚችል ይሰረዛል። «ከቦካ በኋላ ይጋገራል» የሚለው ደግሞ ተከፍቶ እንዲህ ይጻፋል፦ «ሊጡ ሲቦካ ከላይ የጠለለው ውሃ ይደፋል። ከሊጡ ጥቂት ተወስዶ በፈላ ውሃ እየተማሰለ ይበስላል፤ አብሲት የሚባለው ይህ ነው። ለብ ሲል ወደ ሊጡ ይመለሳል፣ ሊጡም ኩፍ ሲል ይጋገራል።» አጫጭሮቹ ዓረፍተ ነገሮች የመጡት ከሥራው ቅደም ተከተል ነው። የጸሐፊው ድምፅ የሚገኘውም እዚህ እንጂ በተመረጡ ተረትና ምሳሌዎች ውስጥ አይደለም።

ቀጥሎ እያንዳንዱ ቁጥር፣ ስምና ጥቅስ ከምንጩ ይመሳከራል። እነዚህ ፕሮግራሞች የሌለ መጽሐፍ ከነደራሲውና ከነዓመተ ምሕረቱ ሊፈጥሩ ይችላሉ። በ2023 (እንደ ጎርጎርዮሳውያን አቆጣጠር) በኒውዮርክ ሁለት ጠበቆችና ድርጅታቸው ቻትጂፒቲ የፈጠራቸውን የፍርድ ውሳኔዎች ለፍርድ ቤት በማቅረባቸው 5,000 ዶላር ተቀጥተዋል። ጥቅሱ ትክክለኛ መምሰሉ ማረጋገጫ አይሆንም፤ ጸሐፊው ምንጩን ራሱ ካላገኘው ማውጣት አለበት። በመጨረሻ ጽሑፉ ጮክ ተብሎ ይነበባል። አንቀጹ ሁሉ «ከዚህም በተጨማሪ» እያለ የሚጀምር ከሆነ፣ የማሽኑ እጅ ገና አልወጣም።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላም የረቂቁን አመጣጥ መግለጽ ይገባል። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በዚያው በ2023 ባወጣው መመሪያ፣ ፕሮግራም ለጽሑፍ ኃላፊነት መውሰድ ስለማይችል በደራሲነት እንዳይመዘገብ፣ አገልግሎቱ ግን እንዲገለጽ ጠይቋል። «በቴክኖሎጂ ታግዟል» ማለት ብቻ ለአንባቢ ምንም አይነግረውም። ለእንጀራው ጽሑፍ የሚበቃው ማስታወሻ ይህን ይመስላል፦ «የመጀመሪያው ረቂቅ በቻትጂፒቲ ተዘጋጅቷል። የአብሲቱ ክፍል ከጋጋሪዎች ቃል የተጻፈ ነው። ቁጥሮቹን ጸሐፊው ከምንጫቸው አመሳክሯል፤ ለቀረ ስህተት ኃላፊው እሱ ነው።» ማስታወሻው እውነት የሚሆነው ግን ጋጋሪዎቹ በእርግጥ ተጠይቀው፣ ምንጮቹም ተገልጠው ሲሆን ብቻ ነው።