ቶንዶሱ መቼ ታጠበ?

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የአዲስ አበባ ጸጉር ቤቶች ወንበር አይቀዘቅዝም። አንዱ ደንበኛ ተነሥቶ ሳይጨርስ ሌላው ይቀመጣል። ቆራጩ ሽርጡን አራግፎ ያስራል፤ ቶንዶሱ ላይ አልኮል ይረጭና ላይተር ይለኩስበታል። ሰማያዊ ነበልባል ብልጭ ብሎ ይጠፋል። ደንበኛው በመስታወቱ ውስጥ ያያል፤ ልቡም ያርፋል።

ይህ ልማድ መነሻ አለው። ኤች አይ ቪ አገሩን ባስጨነቀበት ዘመን ስለታም ነገር በጋራ አትጠቀሙ የሚለው ትምህርት ሬዲዮኑንም ትምህርት ቤቱንም ሞልቶት ነበር። ውጤቱ ዛሬም ይታያል፤ ብዙ ቆራጭ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ የሚያወጣው ደንበኛው እያየ ነው፤ የራሱን ምላጭ ይዞ የሚመጣም አይጠፋም። ምላጩ ተስተካከለ፣ ቶንዶሱ ግን እሳት ተለኮሰበትና ታለፈ።

የእሳቱን ጉድለት ለማየት ቶንዶሱን ቀረብ ብሎ መመልከት ይበቃል። ጫፉ ላይ ያሉት ጥርሶች ሁለት ምላጮች ናቸው፤ አንዱ ቆሞ ሌላው በላዩ ይንሸራተታል። በመካከላቸው ዘይት፣ የጸጉር ብናኝና ከራስ ቅል የተፋቀ ቆዳ ይጠራቀማል። ለሰከንዶች የሚቆየው ነበልባል የውጩን ገጽ ይልሰዋል እንጂ እዚያ ውስጥ ለመድረሱ ማረጋገጫ የለም። ቆረቆርና ጭርት የሚያመጣው ፈንገስ ደግሞ የሚኖረው በዚያው በተቆራረጠው ጸጉርና በቆዳው ቅርፊት ላይ ነው። አንድ ሕፃን ቆረቆር ይዞ ከተላጨ፣ ከእሱ በኋላ የሚቀመጠው ልጅ ወላጆች እሳቱን አይተው ተረጋግተው ወደ ቤታቸው ይመለሳሉ።

ከፈንገሱ የባሰው የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ነው። የኤች አይ ቪ ቫይረስ ከሰውነት ከወጣ በኋላ ብዙም አይበረታም። ሄፓታይተስ ቢ ግን በደረቀ ደም ላይ ቢያንስ ለ7 ቀናት ሳይሞት ሊቆይ ይችላል፤ ደሙም በዓይን የማይታይ ጠብታ ሊሆን ይችላል። በኢትዮጵያ የዚህ ቫይረስ ክትባት ለሕፃናት በመደበኛነት መሰጠት የጀመረው በ1999 ዓ.ም. ገደማ ስለሆነ፣ ዛሬ ወንበሩ ላይ ከሚቀመጡት ጎልማሶችም ሆነ ከሚቆርጧቸው ሰዎች አብዛኞቹ በልጅነታቸው አላገኙትም።

ታዲያ የሚሠራው ምንድን ነው? ቅደም ተከተሉ ቀላል ነው፤ ሰው የሚሳሳተው የመጀመሪያውን እየዘለለ ነው። ማበጠሪያው፣ መቀሱ፣ የጥፍር መቁረጫው መጀመሪያ በሳሙናና በውኃ በብሩሽ ይታጠባል። መድኃኒት ቆሻሻን ዘልቆ አይገባም፤ ጸጉርና ቅባት የሸፈነው ጀርም መድኃኒት ውስጥ ቢያድርም ሊተርፍ ይችላል። ከታጠበ በኋላ መድረቅ አለበት፤ ከመሣሪያው ላይ የሚንጠባጠበው ውኃ መድኃኒቱን ያቀጥነዋልና። ከዚያ ሙሉ በሙሉ ሰምጦ ይነከራል። እጀታው ከውኃው በላይ ብቅ ካለ ያ እጀታ አልተነከረም።

የሚነከርበት ነገር ውድ መሆን የለበትም። ጥንካሬው 5 በመቶ የሆነ በረኪና አንድ እጅ በዘጠኝ እጅ ውኃ ሲበጠበጥ 0.5 በመቶ ይሆናል፤ 10 ደቂቃ ይበቃዋል። የበረኪናው ጥንካሬ ከምርት ምርት ስለሚለያይ የጠርሙሱን ጽሑፍ ማንበብ ግድ ነው። በየቀኑ ጠዋት አዲስ ይበጠበጣል፤ የትናንቱ ኃይሉን ያጣል። በረኪና ብረት ይበላል፤ ስለዚህ መቀስ ውስጡ አይረሳም፤ 10 ደቂቃው እንዳለቀ በንጹሕ ውኃ ታጥቦ ይደርቃል፣ ዘይት ይቀባል። ብረት የማይበላ የፋብሪካ መድኃኒትም አለ። በምዕራባውያን ጸጉር ቤቶች ጠረጴዛ ላይ በመስታወት ዕቃ የሚታየው ሰማያዊ ፈሳሽ፣ ባርቢሳይድ፣ በ1947 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተፈለሰፈ ነው። በአንድ ሊትር ውኃ 60 ሚሊ ሊትር ገደማ ይገባበታል፤ እሱም ቢሆን የሚጠይቀው 10 ደቂቃ ነው፤ እሱም በየቀኑ ይቀየራል።

ቶንዶስ ሞተር ስላለው አይነከርም። በየደንበኛው መካከል ጸጉሩ በብሩሽ ይጠረጋል፣ ጥርሶቹ 70 በመቶ በሆነ አልኮል እስኪርሱ ይረጫሉ፤ ቶሎ ከተነነ በድጋሚ ይረጫሉ። 95 በመቶው ይበልጣል የሚሉ አሉ፤ ነገሩ ተቃራኒው ነው። አልኮሉ የጀርሙን ፕሮቲን ለማበላሸት ውኃ ያስፈልገዋል፣ ንጹሑ ደግሞ ሥራውን ሳይጨርስ ይተናል። በቀኑ መጨረሻ ምላጮቹ ብሎናቸው ተፈትቶ ይታጠባሉ። ቆራጮች ይህን የማይወዱበት ምክንያት አላቸው፦ ሲገጠም ምላጩ ትንሽ ካዘነበለ በማግሥቱ የመጀመሪያውን ደንበኛ ቆዳ ይቧጭራል። መፍትሔው ሲገጥሙ በእጅ ጀርባ ላይ መሞከር ነው፤ መፍታቱን መተው አይደለም።

በብዙ ሳሎኖች ሰማያዊ ብርሃን የሚያበራ ሣጥንም አለ። ደንበኛ ይወደዋል፣ ሻጩም «ስቴራላይዘር» ብሎ ይሸጠዋል። አልትራቫዮሌት ብርሃን ጀርም ይገድላል፤ የሚገድለው ግን ያረፈበትን ብቻ ነው። የተዘጋ መቀስ ውስጡ ጥላ ነው፤ ተደራርበው የተኙ ማበጠሪያዎች መካከልም እንዲሁ። አምፖሉም እያበራ ኃይሉ ሊደክም ይችላል። ሣጥኑ ታጥቦና ተነክሮ የወጣ መሣሪያ ማስቀመጫ ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከዚያ በላይ መጠበቅ የለበትም። እውነተኛ ማምከን የሚያስፈልገው ቆዳ ለሚበሳ ሥራ ነው፤ ጆሮ ለመብሳት፣ ለንቅሳት፣ መርፌ ለሚገባበት ቅንድብ። መርፌው አንዴ ብቻ ያገለግልና ይጣላል፤ ተመልሶ የሚሠራበት መሣሪያ ግን በግፊት እንፋሎት በ121 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ቢያንስ 15 ደቂቃ መቆየት አለበት።

እዚህ ላይ የትንሽ ሳሎን ባለቤት «ሰው ተሰልፎ እያየኝ 10 ደቂቃ ልቁም?» ማለቷ አይቀርም። ልክ ናት፤ አንድ ብቻ መቀስ ላላት ሴት ንጽሕና የማይቻል ነው። ጉዳዩ የሂሳብ ነው። አንድ ወንበር በግማሽ ሰዓት አንድ ሰው ያስተናግዳል እንበል። ማጠቡ፣ መንከሩና ማድረቁ 15 ደቂቃ ግድም ይወስዳል። በየደንበኛው የሚታጠብ ከሆነ በወንበር ሁለት ስብስብ መሣሪያ ይበቃል። በየሁለት ሰዓቱ በአንድነት ማጠብ ይቀላል የምትል ግን አምስት ያስፈልጋታል፤ አራቱ ያገለገሉ፣ አምስተኛው እነሱ ሲታጠቡ የሚሠራበት። ክዳን ያላቸው ሁለት ሣጥኖች ይቀመጣሉ፤ በአንዱ ላይ «ያልታጠበ»፣ በሌላው ላይ «የተዘጋጀ» ተብሎ ይጻፋል። የፋሲካ ዋዜማ ግርግር ሲመጣ ሥርዓቱን የሚያፈርሰው ብዙ ጊዜ የመሣሪያ ማነስ ነው፤ ሠራተኛዋን መቆጣት ስብስብ አይጨምርም።

ሥርዓት ያላት የምትመስል ሳሎን እንዴት እንደምትሳሳት ካሊፎርኒያ ውስጥ የሆነ አንድ ታሪክ ያሳያል። በ2000 እ.ኤ.አ. ዋትሰንቪል በምትባል ከተማ ሴቶች በእግራቸው ላይ የማይድን እባጭ ይዘው ሐኪም ዘንድ መምጣት ጀመሩ። ሲጣራ ሁሉም የአንድ ጥፍር ቤት ደንበኞች ሆኑ፤ ቁጥራቸውም ከመቶ አለፈ። እባጩን ያመጣው በውኃና በአፈር የሚኖር ማይኮባክቴሪየም የተባለ ባክቴሪያ ነበር። መርማሪዎቹ ውኃ የሚያዞረውን የእግር ገንዳ ወንፊት ፈትተው ሲያዩ ከጀርባው የጸጉርና የቆዳ ክምር አገኙ። ገንዳው ይጠረግ ነበር፣ ወንፊቱ ግን ተፈትቶ አይታጠብም ነበር። ከመምጣታቸው በፊት እግራቸውን በምላጭ የተላጩት ሴቶች ይበልጥ ተጎድተዋል፤ ባክቴሪያው በዓይን በማይታየው ጭረት ገባ። ቁስሉ ለወራት የቆየባቸውና ጠባሳ የቀረባቸው ብዙ ነበሩ።

ከዚያ በኋላ ግዛቱ ዝርዝር ደንብ አወጣ። ገንዳው ከየደንበኛው በኋላ ይታጠባል፣ በመድኃኒት ይቆያል፤ ወንፊቱ በየቀኑ ይፈታል፤ የተደረገው ሁሉ ከነሰዓቱ በመዝገብ ይጻፋል። መዝገቡን ተቆጣጣሪው ብቻ ሳይሆን ደንበኛዋም ጠይቃ ማየት ትችላለች። በካሊፎርኒያ ሳሎን ያላቸው ኢትዮጵያውያን የሚተዳደሩት በዚሁ ደንብ ነው። ሕግ ያስገደደው ወረቀት የሳሎኗ ማስታወቂያም የሚሆነው በዚህ በኩል ነው።

በአዲስ አበባ ጸጉር ቤትና የውበት ሳሎን ጤና ነክ ከሚባሉት የሥራ ዘርፎች ይመደባሉ፤ ከንግድ ፈቃዱ ጋር የብቃት ማረጋገጫ ይፈለጋል፣ ተቆጣጣሪም ይመጣል። ብዙ ባለቤቶች ግዴታቸው ተቆጣጣሪው በሄደ ጊዜ ያበቃ ይመስላቸዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2028 ግን በጥፋቱ በሌላ ሰው ላይ ጉዳት ያደረሰ ሁሉ ጉዳቱን መካስ አለበት ይላል፤ ቆረቆር የያዘው ልጅ አባት ይህን አንቀጽ ይዞ ከመጣ፣ ቀንና ሰዓት የተጻፈበት ደብተር ያላት ባለቤት የምታሳየው ነገር አላት። ነጭ ሽርጥ ብቻ ያላት የላትም።

ገበያው ላይ ደግሞ ደብተሩ ከእሳቱ በተሻለ ይሸጣል፤ እንዲታይ ከተደረገ ማለት ነው። የጥፍር መሣሪያው ታጥቦና ተነክሮ በወረቀት ከረጢት ከታሸገ፣ የሚከፈተው ደንበኛዋ ከተቀመጠች በኋላ ነው፤ እሷ ከመምጣቷ በፊት የተከፈተ ከረጢት ድካሙን ከንቱ ያደርገዋል። በከረጢቱ ላይ «ዛሬ 4፡20» ብሎ መጻፍ ምንም አያስወጣም። የሙሽራ ሥራ የያዘች ሳሎን እናትየዋ፣ እህቶቿና ሚዜዎቿ በአንድ ጠዋት ያዩታል፤ ወሬውን የሚያዳርሱት እነሱ ናቸው። የሞረዱ ነገር ግን በሐቀኝነት መነገር አለበት፦ የወረቀት ሞረድ አይታጠብም። ወይ ለደንበኛዋ ይሰጣል፣ ወይ ይጣላል፤ ዋጋውም በሂሳቡ ላይ ተጨምሮ ቢነገራት አትቀየምም።

ግድግዳ ላይ «100% ከጀርም ነፃ» ብሎ መለጠፍ ግን አይመከርም። ማንም ሳሎን ያን ማረጋገጥ አይችልም፣ የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ 813/2006ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። «መሣሪያዎቻችን ከእያንዳንዱ ደንበኛ በኋላ ታጥበው 10 ደቂቃ ይነከራሉ» የሚለው ያማረ ባይሆንም እውነት ነው፤ ደንበኛዋም ሰዓቷን አይታ ልትፈትነው ትችላለች።

ብዙ ጊዜ የምትረሳው ሠራተኛዋ ናት። ደንበኛ በወር አንዴ ለአንድ መሣሪያ ይጋለጣል፤ እሷ ግን የብዙ ሰው ጥፍር ሥር በየቀኑ ትሠራለች፣ ጣቷንም በመቀስ ትወጋለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 92 የሠራተኛን ጤንነትና ደኅንነት የመጠበቁን ግዴታ በአሠሪው ላይ ይጥላል። ጓንት አንዱ ነው፤ ሌላው የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ነው። ከመከተብ በፊት በደም ምርመራ ቫይረሱ አስቀድሞ መኖር አለመኖሩን ማየት ይጠቅማል። ክትባቱ ሦስት ጊዜ ይወሰዳል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው አንድ ወር በኋላ፣ ሦስተኛው በስድስተኛው ወር። ሥራ ቀይራ ብትሄድም ካርዱ የእሷ ነው፤ ስለዚህ ሳሎኗ ቅጂውን ከደብተሩ ጋር ታስቀምጣለች።