ከኢንች ወደ ሚሊሜትር፦ ከነጥብ በኋላ ስንት አሃዝ?

በላስታ ደጋ መብራት ባልደረሰባቸው ቀበሌዎች እህል የሚፈጨው በናፍጣ ሞተር ነው። ሊስተርን የመሰሉ የቀድሞ የእንግሊዝ ሞተሮች በኢንች የተሠሩ ናቸው፤ የታወቀው ባለ ስድስት ፈረስ ጉልበት ሊስተር የሲሊንደሩ ስፋት 4½፣ የፒስተኑ ምት 5½ ኢንች ነው። እንዲህ ባለ ማሽን ላይ ዘንግ ሲበላ ቶርኖ ቤቱ የሚደርሰው አሮጌ ንድፍ በኢንች የተጻፈ ነው፤ የሠራተኛው ካሊፐር ደግሞ በሚሊሜትር ያነባል።

ማባዛቱ ቀላል ነው። ከ1959 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንድ ኢንች በስምምነት ልክ 25.4 ሚሊሜትር ስለሆነ ስህተት ከዚህ ቁጥር አይመጣም። የሚመጣው ውጤቱን ስናጠጋጋ ነው። ስንት አሃዝ እንደሚቀር የሚወስነውም ካልኩሌተሩ ሳይሆን ንድፉ የፈቀደው ልዩነት፣ ማለትም ቶለራንሱ ነው።

ንድፉ የዘንጉን ኩሽኔታ መቀመጫ ከ1.499 እስከ 1.500 ኢንች ይላል እንበል። ሲባዛ ከ38.0746 እስከ 38.1 ሚሊሜትር ይሆናል፤ የተፈቀደው ልዩነት 0.0254 ብቻ ነው። በተለመደው መንገድ ወደ ሁለት አሃዝ ቢጠጋጋ ዝቅተኛው ወሰን 38.07 ይሆናል፤ ይህም ንድፉ የማይቀበለውን ቀጭን ዘንግ ይፈቅዳል። ስለዚህ ወሰን ሁልጊዜ ወደ ውስጥ ይጠጋጋል፤ ዝቅተኛው ወደ ላይ፣ ከፍተኛው ወደ ታች። እንዲህ ሲሆን 38.08 እና 38.10 እናገኛለን። ይህ አያሳስትም፤ ግን ከልዩነቱ አንድ አምስተኛውን ከቶርኖው ሠራተኛ ይነጥቃል። በሦስት አሃዝ 38.075 እና 38.100 ቢጻፍ ግን የሚጠፋ የለም ማለት ይቻላል። ጥሩ መመሪያ የመጨረሻው አሃዝ እርከን ከጠቅላላው ልዩነት አንድ አሥረኛ እንዳይበልጥ ማድረግ ነው። «38 ይበቃል» ብሎ የቆረጠ ግን ለባለ 1½ ኢንች ኩሽኔታ በ0.1 ሚሊሜትር የቀጠነ ዘንግ ያወጣል፤ ዘንጉ በኩሽኔታው ውስጥ እየተንሸራተተ መቀመጫውን ይበላዋል።

በዚያው ንድፍ ላይ ሌላ ልኬት 1 3/16 ኢንች፣ ልዩነቱ ደግሞ ሲደመርና ሲቀነስ 1/64 ቢሆንስ? ካልኩሌተሩ 30.1625 ያወጣል። ያን ሁሉ አሃዝ መጻፍ ማንም ያልጠየቀውን ጥራት መጠየቅ ነው፤ አንብቦ የሚያምን ሠራተኛ ጊዜና ብረት ያባክናል። ልዩነቱ በያንዳንዱ በኩል 0.397 ስለሆነ 30.16 ሲደመርና ሲቀነስ 0.39 ተብሎ ቢጻፍ ወሰኑን ሳያልፍ ይበቃል።

የቡሎን ጥርስ ግን ጭራሽ አይቀየርም። የእንግሊዙ ዊትዎርዝ ግማሽ ኢንች ቡሎን በአንድ ኢንች 12 ጥርስ አለው፤ ከጥርስ ጥርስ ያለው ርቀት 2.117 ሚሊሜትር ገደማ ነው። የተለመደው ባለ 12 ሚሊሜትር ቡሎን ግን 1.75 ነው። የዊትዎርዙ ዳዶ በባለ 12 ሚሊሜትሩ ቡሎን ላይ ትንሽ ገብቶ ይጣበቃል፤ በግድ ቢጠብቅም ጥርሱን ይልጣል። በአዲሱ ንድፍ ላይ የቀድሞው ስያሜ እንዳለ ይጻፍ፤ ከተቀየረው ልኬት ጎንም የኢንቹ ይቀመጥ፤ ቀጣዩ ሰው የተጠጋጋውን ቁጥር ሳይሆን ዋናውን እንዲያባዛ።