ሳይቆጠር የተፈረመ ገቢ ደረሰኝ

ሒሳብ ክፍል ለአቅራቢ ገንዘብ ከመክፈሉ በፊት ሦስት ሰነዶችን ጎን ለጎን ዘርግቶ ማመሳከር አለበት። አንደኛው ድርጅቱ ራሱ ያወጣው የግዥ ትዕዛዝ ሲሆን፣ ምን ዕቃ፣ ምን ያህል፣ በምን ዋጋ እንዲመጣ እንደታዘዘ ይናገራል። ሁለተኛው የዕቃ ገቢ ደረሰኝ ነው፤ በመንግሥት መሥሪያ ቤት የሠራ ሰው ሞዴል 19 በሚለው ስሙ ያውቀዋል። ይህ ሰነድ ግምጃ ቤቱ በእርግጥ የተረከበውን ይመሰክራል። ሦስተኛው አቅራቢው የሚያቀርበው ኢንቮይስ ነው። በሕግ ሰው ዓይን ሲታይ የመጀመሪያው ውል፣ ሁለተኛው ምስክር፣ ሦስተኛው ደግሞ የከሳሽ አቤቱታ ነው ማለት ይቻላል።

ታዲያ ብዙውን ጊዜ ነገር የሚበላሸው በምስክሩ ላይ ነው። መኪናው አመሻሽ ላይ ይደርሳል፤ ሾፌሩ ቶሎ አራግፎ ለመመለስ ይቸኩላል፤ ስቶር ኪፐሩም ከሾፌሩ የተቀበለውን ኢንቮይስ አጠገቡ አስቀምጦ ቁጥሩን ወደ ገቢ ደረሰኙ ይገለብጣል። በማግሥቱ ሒሳብ ሹሙ ሁለቱን ሰነዶች ሲያስተያይ ፍጹም ይመሳሰሉበታል። እንዴት አይመሳሰሉ? አንዱ የሌላው ግልባጭ ነው። ምስክሩ ያየውን ሳይሆን ከሳሹ የነገረውን ደግሞ ተናገረ ማለት ነው። በወረቀት ሦስት የሚመስለው ማመሳከሪያም በተግባር ሁለት ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ጉዳቱን በምሳሌ እንመልከተው። አንድ ሕንፃ ተቋራጭ 400 ኩንታል ሲሚንቶ አዘዘ እንበል። ለስሌት እንዲመች የኩንታሉን ዋጋ ከተጨማሪ እሴት ታክስ በፊት 2,000 ብር እናድርገው። ዋጋው የሚነገረው በኩንታል ቢሆንም ሲሚንቶው የሚመጣው በ50 ኪሎ ከረጢት ስለሆነ፣ 400 ኩንታል ማለት 800 ከረጢት ነው። ዕቃው በሁለት መኪና መጣ። የመጀመሪያው 400 ከረጢት ሙሉ አራገፈ። በሁለተኛው ላይ ግን ሲቆጠር 390 ብቻ ተገኘ፤ ከእነዚህም ውስጥ 18ቱ ተቀደው ወይም እርጥበት ነክቷቸው ደርቀው ስለነበር ተመላሽ ሆኑ። ስለዚህ ተቋራጩ በእርግጥ የተረከበው 772 ከረጢት፣ ማለትም 386 ኩንታል ነው።

የአቅራቢው ኢንቮይስ ሲመጣ ደግሞ 400 ኩንታል በ2,100 ብር ይላል። 15 በመቶው ታክስ ተጨምሮበት ጠቅላላው 966,000 ብር ይሆናል። ሊከፈል የሚገባው ግን 386 ኩንታል በ2,000 ብር ሒሳብ 772,000 ብር፣ ከታክሱ ጋር 887,800 ብር ነው። ልዩነቱ 78,200 ብር መሆኑ ነው።

አሁን ስቶር ኪፐሩ ሳይቆጥር 400 ብሎ ፈርሞ ቢሆን ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ልብ እንበል። ሒሳብ ሹሙ ጠንቃቃ ከሆነ ኢንቮይሱን ከግዥ ትዕዛዙ ጋር አስተያይቶ የ100 ብሩን የዋጋ ጭማሪ ይይዛል፤ በዚህም 46,000 ብር ያድናል። ያልመጡትና የተበላሹት 14 ኩንታሎች ግን ማንም ሳያያቸው ይከፈልባቸዋል፤ 32,200 ብር በጠራራ ፀሐይ ይሄዳል። በሰነዶቹ ላይ አንድም የተሰረዘ ወይም የተደለዘ ቁጥር ስለሌለ ኋላ የሚመጣው ኦዲተርም በወረቀት ብቻ ሊያገኘው አይችልም።

ነገሩ ሕጋዊ ገጽታም አለው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ገዢው ዕቃውን ዕድሉን እንዳገኘ እንዲመረምር፣ ጉድለት ሲያገኝም ለሻጩ ሳይዘገይ እንዲያሳውቅ ይጠይቃል። ከሁለት ወር በኋላ «ጎድሎ ነበር» የሚል ገዢ ፍርድ ቤት ሲቀርብ፣ ሻጩ የሚያወጣው ማስረጃ የገዢው የራሱ ሠራተኛ ፊርማ ያረፈበት ገቢ ደረሰኝ ነው። ከዚህ የከፋ ተቃራኒ ማስረጃ ማግኘት ያስቸግራል። በመሆኑም ጉድለቱ በርክክቡ ሰዓት በማስረከቢያ ሰነዱ ላይ ተጽፎ ሾፌሩም ሊፈርምበት ይገባል፤ ለአቅራቢውም በዚያው ሰሞን በጽሑፍ መገለጽ አለበት።

ለመሆኑ መፍትሔው ምንድን ነው? አንዱ ቀላል መንገድ ለግምጃ ቤቱ የሚላከው የግዥ ትዕዛዝ ቅጂ የዕቃውን ዓይነት ብቻ እንጂ ብዛቱን እንዳይዝ ማድረግ ነው። የአቅራቢው ኢንቮይስም በስቶር ኪፐሩ በኩል ሳይሆን በቀጥታ ወደ ሒሳብ ክፍል ይሂድ። የሚገለብጠው ቁጥር ያጣ ሰው ከመቁጠር በስተቀር አማራጭ የለውም። ቆጠራውም ዕቃው በሚቆጠርበት መለኪያ፣ በእኛ ምሳሌ በከረጢት ይጻፍ፤ ወደ ኩንታል መለወጡ የሒሳብ ክፍል ሥራ ይሁን።

ልዩነት ሲገኝ ደግሞ ሒሳብ ሹሙ በራሱ እጅ ቁጥር አስተካክሎ መክፈል የለበትም። የብዛቱን ልዩነት ግምጃ ቤቱ፣ የዋጋውን ልዩነት የግዥ ክፍሉ መልስ ይሰጡበታል። ጭማሪው በስምምነት የመጣ ከሆነ የተሻሻለ ትዕዛዝ ይቅረብ፤ ካልሆነ አቅራቢው ታክሱን ጭምር የሚያስተካክል ክሬዲት ኖት ይስጥ። የጎደሉት 14 ኩንታሎች በኋላ ቢመጡ አዲስ ገቢ ደረሰኝ ተቆርጦላቸው በዚያው ትዕዛዝ ላይ ይደመራሉ። ይህ ድምር ካልተያዘ አንድ ዕቃ ሁለት ጊዜ ሊከፈልበት ይችላል፤ በመጀመሪያው ኢንቮይስ አንድ ጊዜ፣ በማሟያው ደግሞ ሌላ ጊዜ።

የድርጅት ባለቤት የሆነ አንባቢ የራሱን ቤት ለመፈተሽ የዓመቱን ገቢ ደረሰኞች ማገላበጥ ይበቃዋል። ዓመቱን ሙሉ አንድም ጉድለት ወይም ተመላሽ ካልተመዘገበ፣ አቅራቢዎቹ ሁሉ ቅዱሳን ሆነው ሳይሆን የሚቆጥር ሰው ጠፍቶ ሊሆን ይችላል። የዕቃው አጠራር ከነፊደል ግድፈቱ ከኢንቮይሱ ጋር አንድ ከሆነ፣ ወይም የደረሰኙ ቀን የጥበቃው መዝገብ ከሚያሳየው የመኪና መግቢያ ቀን ከቀደመ ግልበጣ መኖሩን ይጠርጥር። ከኢንቮይሱ በኋላ የተጻፈ የግዥ ትዕዛዝ ካገኘ ደግሞ ትዕዛዙ ግዥውን ለመሸፈን የተዘጋጀ እንዳይሆን ይጠይቅ።

ይህ ማመሳከሪያ የማይደርስበትም ቦታ አለ። የግዥ ሠራተኛውና አቅራቢው ተመሳጥረው ገና ከጅምሩ ዋጋውን አስወድደው ቢስማሙ ሦስቱም ሰነዶች ይገጥማሉ። ሲሚንቶው ደረጃውን ያልጠበቀ ቢሆንም ቆጠራ አያሳየውም። ስቶር ኪፐሩ ከሾፌሩ ጋር ከተስማማም እንደዚያው። ለእነዚህ የዋጋ ማወዳደሪያ፣ የጥራት ምርመራና ድንገተኛ የመጋዘን ቆጠራ ያስፈልጋሉ። ለ14ቱ ኩንታሎች ግን የሚያስፈልገው ሰው ከመኪናው ሥር ቆሞ ከረጢቶቹን አንድ ሁለት ብሎ ቆጥሮ ያገኘውን ብቻ መጻፉ ነው።