«ራዕያችሁን አደንቃለሁ» ለማይበቃበት ኢሜል

ለልማት ድርጅት የተላከ የማመልከቻ ኢሜል ብዙውን ጊዜ በመጀመሪያ እጁ የሚገባው የፕሮጀክቱ ኃላፊ ሳይሆን የሰው ኃይል ባለሙያው ነው። ባለሙያው ማስታወቂያው ላይ የወጣውን መስፈርት ከፊቱ አስቀምጦ የትምህርት ደረጃን፣ የሥራ ልምድን፣ ቋንቋን፣ በተባለው ቦታ ተቀምጦ ለመሥራት ፈቃደኛ መሆንን እያመሳከረ ያነባል። ኃላፊው የሚያየው ከዚህ ማጣሪያ የተረፉትን ነው፤ እሱ ደግሞ የሚፈልገው ሌላ ነገር ነው። ስለዚህ አንድ አጭር ኢሜል ለሁለት አንባቢ መጻፍ አለበት።

አንዲት ነርስ ሰቆጣ ላይ ለወጣ የሥርዓተ ምግብ ኦፊሰር ቦታ ታመለክታለች እንበል። መስፈርቱ ዲግሪና የሁለት ዓመት የመስክ ልምድ ነው። የመጀመሪያ ረቂቋ እንዲህ ይላል፦ «ድርጅታችሁ የሕፃናትን ሕይወት ለመታደግ የሚያደርገውን ጥረት ከልብ አደንቃለሁ። ታታሪ፣ በቡድን መሥራት የምወድና ለማኅበረሰቡ ተቆርቋሪ ነኝ።» ከድርጅቱ ድረ ገጽ የተቀዳ ዓረፍተ ነገርም አስገብታለች፤ መንግሥት የሕፃናትን መቀንጨር ለማስወገድ በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የሰቆጣ ቃል ኪዳንም ጠቅሳለች። ውሸት የለበትም። ግን ሰቆጣን በካርታ ብቻ የሚያውቅ ሰውም ይህንኑ ሊጽፍ ይችላል። ድርጅቱ የራሱን ዓላማ ከእሷ መስማት አያስፈልገውም።

ሁለተኛው ረቂቅ ይኸውና፦

«ለሰቆጣ የሥርዓተ ምግብ ኦፊሰር ቦታ አመለክታለሁ። በነርስነት ዲግሪ አለኝ። በዋግ ኽምራ ለሁለት ዓመት ከአራት ወር፣ በከፋ አጣዳፊ የምግብ እጥረት የተጎዱ ሕፃናት የሚታከሙበትን የተመላላሽ አገልግሎት በሦስት ጤና ኬላዎች ስደግፍ ቆይቻለሁ። በአንዱ ጤና ኬላ በሦስት ወር ውስጥ ከአገልግሎቱ ከወጡት 60 ሕፃናት 15ቱ ሕክምናውን አቋርጠው የቀሩ ነበሩ። ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ጋር ቤት ለቤት ሄደን ስንጠይቅ እናቶች የቀጠሮው ቀን ከገበያ ቀን ጋር እንደሚጋጭባቸው ነገሩን። ጉዳዩን ለወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት አቀረብኩ፤ ቀኑ ተቀየረ። በተከታዩ ሦስት ወር ከወጡት 58 ሕፃናት ያቋረጡት 7 ናቸው። ኽምጣንጋ እሰማለሁ፣ መናገሩ ግን ገና ይቀረኛል። ሰቆጣ ተቀምጬ እሠራለሁ።»

የሰው ኃይል ባለሙያው ዲግሪውን፣ የልምዱን ርዝመት፣ ቋንቋውንና ቦታውን ሳይፈልግ ያገኛቸዋል። ኃላፊው ደግሞ ቁጥሮቹ ላይ ይቆማል። የሙያው ሰዎች የሚመሩበት የስፊር መመዘኛ በእንዲህ ዓይነት አገልግሎት ሕክምና የሚያቋርጡት ከ15 በመቶ በታች እንዲሆኑ ይጠይቃል። የእሷ ጤና ኬላ ከ25 በመቶ ተነሥቶ ወደ 12 ወርዷል። መመዘኛውን በስም አልጠራችውም፤ ኃላፊው ራሱ ያሰላዋል። ከሁሉ የሚበልጠው ግን፣ እናቶቹን «ግንዛቤ የላቸውም» ብላ ከመደምደም ይልቅ ሄዳ መጠየቋ ነው። ከድርጅቱ ዓላማ ጋር መጣጣም ማለት ይህ ነው፤ «አደንቃለሁ» የሚለው ቃል አንድም ቦታ ሳይገባ ታየ። «ነገሩን» እና «አቀረብኩ» ብላ የጋራውን ከግሏ መለየቷም አስተዋይነት ነው፤ ቀኑን ያስቀየረው ጽሕፈት ቤቱ እንጂ እሷ አይደለችም። የቀድሞ አለቃዋ ተደውሎላቸው ቢጠየቁ የሚሉት ከዚህ አይለይም።

ጠንቃቃ ኃላፊ ለቃለ መጠይቅ ከጠራት አንድ ነገር መጠየቁ አይቀርም፦ ቁጥሩ የወረደው በቀኑ መቀየር ነው ወይስ ወቅቱ ስለተለወጠ? በእርሻ ሥራ ጥድፊያ ወቅት የቀረች እናት ሥራው ሲላላ ልትመለስ ትችላለች። ስለዚህ ኢሜሏ ላይ «በእኔ ጥረት ግማሽ ቀነሰ» ብትጽፍ ኖሮ መከላከል የማትችለው ነገር ውስጥ ትገባ ነበር። የሆነውን በቅደም ተከተል አስቀምጣ መተዋ ይሻላል። የአቋራጮቹ ቁጥር ባለፈው ዓመት በዚያው ወቅት ስንት እንደነበር መዝገቡን አይታ ብትሄድ ደግሞ መልሷ በእጇ ነው።

አንዳንድ አመልካች የመስክ ልምዱን ለማሳየት የከሳ ሕፃን ክንድ ሲለካ የተነሣውን ፎቶ ያያይዛል። አይደረግም። የታካሚ ሕፃን ምስል፣ ስም ወይም የመዝገብ ገጽ ለሥራ ማመልከቻ የሚውል አይደለም፤ የሕፃናት ጥበቃ ፖሊሲ ያለው ድርጅት ይህን ሲያይ ስለ አመልካቹ የሚያስበው አመልካቹ ካሰበው ተቃራኒውን ነው። ሲቪውና ማስታወቂያው በስም የጠየቀው ሰነድ ይበቃል። በኢሜሉ ርዕስ ላይ የሥራ መደቡና የሥራ ቦታው በማስታወቂያው አጻጻፍ ይቀመጡ፤ አንድ ድርጅት በአንድ ሳምንት ለተለያዩ ከተሞች ተመሳሳይ መደብ ሊያወጣ ይችላልና። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ ከሆነ ኢሜሉም በእንግሊዝኛ ይሁን፤ ይዘቱ ያው ነው።

ኢሜል የማይሞላው ጉድለትም አለ። ነርሷ የሠራችው 14 ወር ብቻ ቢሆን ኖሮ የገበያው ቀን ታሪክ ሁለት ዓመት አያደርገውም። የተለማማጅነት ጊዜዋን እንደ ቅጥር ቆጥራ ብታሟላው የሥራ ልምድ ደብዳቤዋ ላይ ያሉት ቀናት ያጋልጧታል። በዚያ ጊዜ የሚያዋጣት 14 ወሩን 14 ወር ብላ መጻፍ፣ ወይም አንድ ዓመት ልምድ የሚጠይቀውን የረዳትነት ቦታ መፈለግ ነው።