ሁለት ጊዜ የደረሰ ማስታወቂያ፣ አንድ ጊዜ የተከፈለ ገንዘብ

በድረ ገጽ የሚሸጡ ሱቆች የሞባይል ክፍያን በመዝገባቸው ስለሚያሰፍሩበት ሥርዓት

ከውጭ አገር ዕቃ የሚያስመጣ ነጋዴ፣ ባንክ ስለ አንድ ሒሳብ የጻፈለት ማስታወቂያ በስሕተት ሁለት ጊዜ ቢደርሰው፣ ገንዘቡ ሁለት እጥፍ ሆነ ብሎ በመዝገቡ አያሰፍርም። ማስታወቂያው በመንገድ ቢቀርም፣ ደንበኛውን ወዲያው «እንደገና ክፈል» አይለውም። አስቀድሞ ቍጥሩን ያመሳክራል፤ ካጣራም በኋላ ይጽፋል። ይህ የቆየ የሒሳብ አያያዝ ልማድ በድረ ገጽ በሚሸጡ ሱቆች ዘንድ ሲዘነጋ ይታያል። ምክንያቱም በዚያ መዝገቡን የሚይዘው ፕሮግራም ስለ ሆነ፣ ያልታዘዘውን ጥንቃቄ ከራሱ ሊያመጣ አይችልም።

በአገራችን ቴሌብር በ2021፣ ኤም-ፔሳም በ2023 በአውሮፓውያን አቈጣጠር ሥራ ከጀመሩ ወዲህ፣ ዕቃውን በድረ ገጽ አቅርቦ ዋጋውን በሞባይል ገንዘብ የሚቀበለው ነጋዴ ከዚሁ ጕዳይ ጋር ፊት ለፊት ተገናኝቷል። ለማስረዳት እንዲመች፣ ኤም-ፔሳ ከ2007 ጀምሮ የሚሠራበትን የኬንያን ገበያ ምሳሌ እናድርግ። በዚያ ሳፋሪኮም ለፕሮግራም ሠሪዎች ያወጣው ዳራጃ የተባለው መገናኛ አሠራሩ በግልጽ ተጽፎ ይገኛል።

ክፍያው የሚያልፍባቸው ሦስት ደረጃዎች

ደንበኛው ዕቃውን መርጦ «ክፈል» የሚለውን ሲጫን፣ የሱቁ ኮምፒውተር የገንዘቡን ልክና የደንበኛውን ስልክ ቍጥር ለኤም-ፔሳ ይልካል። ኤም-ፔሳም ጥያቄውን መቀበሉን ወዲያው ይመልሳል፤ በዚህም መልስ ውስጥ `CheckoutRequestID` የተባለ የጥያቄ መለያ ቍጥር ይሰጣል። ይህ መልስ «ጥያቄህ ደርሶኛል» ማለት ብቻ ነው፤ በዚህ ሰዓት ከደንበኛው ኪስ አንድ ሳንቲም አልወጣም። ሆኖም ይህን የመጀመሪያ መልስ እንደ ክፍያ ቈጥረው ዕቃ የሚያስረክቡ ፕሮግራሞች አይታጡም።

ሁለተኛው ደረጃ በደንበኛው ስልክ ላይ ይፈጸማል። የምሥጢር ቍጥሩን እንዲያስገባ የሚጠይቅ ጽሑፍ ይወጣለታል፤ ደንበኛውም ያስገባል ወይም ይተወዋል።

በሦስተኛው ደረጃ ኤም-ፔሳ ውጤቱን ለሱቁ ኮምፒውተር ይልካል። የሙያው ሰዎች ኮልባክ የሚሉት፣ እኛም በዚህ ጽሑፍ የክፍያ ማስታወቂያ የምንለው ይህ ነው። በውስጡ `ResultCode` የተባለ ቍጥር አለ፤ 0 ከሆነ ክፍያው ተፈጽሟል፤ 1 ከሆነ ደንበኛው በቂ ገንዘብ አልነበረውም፤ 1032 ከሆነ ራሱ ሰርዞታል፤ 1037 ከሆነ ከስልኩ መልስ አልተገኘም። ክፍያው የተፈጸመ እንደ ሆነ ደግሞ `MpesaReceiptNumber` የተባለ የደረሰኝ ቍጥር ይጨመርበታል። ፊደልና አሃዝ የተቀላቀለበት ይህ ቍጥር ለደንበኛው በአጭር መልእክት ከሚደርሰው ቍጥር ጋር አንድ ነው፤ ለእያንዳንዱ ክፍያም የሚሰጠው አንድ ብቻ ነው። የነገሩ ሁሉ ቍልፍ ያለው እዚህ ላይ ነው፤ ማስታወቂያ ሊጠፋም ሊደገምም ይችላል፤ የደረሰኝ ቍጥር ግን አይደገምም።

ሒሳቡ ተስማምቶ ስሕተቱ የተሰወረበት ቀን

በናይሮቢ ከተማ ጀበናና ስኒ በድረ ገጽ የሚሸጥ አንድ ሱቅ እንዳለ እናስብ። ማስታወቂያዎቹ ለሱቁ የሚደርሱት በአንድ አገናኝ ድርጅት በኩል ነው፤ ይህም ድርጅት ከሱቁ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ካጣ ማስታወቂያውን ደግሞ የመላክ ልማድ አለው።

ከጧቱ 4 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ላይ አንዲት ደንበኛ ዋጋው 3,200 ሽልንግ የሆነ አንድ የጀበና ዕቃ አዘዘች፤ የምሥጢር ቍጥሯንም አስገባች፤ ገንዘቡ ወጣ፤ በ41 የሚጨርስ የደረሰኝ ቍጥርም በስልኳ ደረሳት። በዚያችው ደቂቃ ግን የሱቁ ኮምፒውተር ለጥገና ተዘግቶ እንደገና በመነሣት ላይ ስለ ነበረ፣ ማስታወቂያው ተቀባይ ሳያገኝ ቀረ። የድረ ገጹ ፕሮግራም 60 ሴኮንድ ጠብቆ «ክፍያው አልተሳካም፤ እንደገና ይሞክሩ» የሚል ጽሑፍ አወጣላት። ደንበኛዋም አምና በ4 ሰዓት ከ19 ደቂቃ ላይ ሁለተኛ ከፈለች፤ ይህም ደረሰኝ በ88 የሚጨርስ ነበር።

ሁለተኛው ማስታወቂያ በደኅና ደረሰ። ፕሮግራሙ 3,200 ሽልንግ መዘገበ፤ ለመጋዘኑ የማስረከቢያ ትእዛዝ ሰጠ፤ ለደንበኛዋም የምስጋና ኢሜይል ላከ፤ ለአገናኙ ድርጅት «ደርሶኛል» ያለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የኢሜይሉ አገልግሎት በዚያ ቀን ዘግይቶ ስለ ነበረ መልሱ 40 ሴኮንድ ያህል ቈየ። አገናኙም ድርጅት መልስ ያጣ መስሎት ያንኑ ማስታወቂያ ደግሞ ላከ። ፕሮግራሙም እንደ አዲስ ክፍያ ቈጥሮ ሌላ 3,200 ሽልንግ መዘገበ፤ ለመጋዘኑም ሁለተኛ የማስረከቢያ ትእዛዝ ሰጠ።

ማታ ሒሳብ ሲዘጋ ገንዘብ ያዡ ያየው ይህ ነው። የኤም-ፔሳ መግለጫ 6,400 ሽልንግ ገባ ይላል፤ የሱቁ መዝገብም 6,400 ይላል፤ ከመጋዘን የወጣውም ዕቃ ሁለት ነው። ሦስቱም ስለ ተስማሙ ማንም አልጠረጠረም። እውነቱ ግን በመግለጫው ላይ ያለው 41 እና 88 ሲሆን፣ በመዝገቡ ላይ ያለው 88 እና 88 ነው። አንድ የጠፋ ማስታወቂያና አንድ የተደገመ ማስታወቂያ እርስ በርሳቸው ተሸፋፍነዋል። ስሕተቱ የታወቀው አንድ ዕቃ ያዘዘችው ደንበኛ ሁለት ደርሷት፣ ገንዘቧን እንዲመልሱላት ስትጠይቅ ነው።

ከዚህ የምንረዳው፣ የዕለቱን ድምር ከድምር ጋር ማስተያየት እንደማይበቃ ነው። ማመሳከር የሚገባው እያንዳንዱን የደረሰኝ ቍጥር ነው። በመግለጫው ኖሮ በመዝገቡ የሌለ ቍጥር ማስታወቂያው የጠፋ ክፍያ ነው፤ በመዝገቡ ኖሮ በመግለጫው የሌለ ቍጥር ገንዘቡ ያልገባ ሽያጭ ነው፤ በመዝገቡ ሁለት ጊዜ የተጻፈ ቍጥር ደግሞ የተደገመ ማስታወቂያ ነው።

መድኀኒቱ

በመጀመሪያ፣ ትእዛዙ «የተከፈለ» ወይም «ያልተከፈለ» ብቻ ሳይሆን «በመጣራት ላይ» የሚባል ሦስተኛ ሁኔታ ይኑረው። ማስታወቂያ አለመድረሱ ክፍያው አለመፈጸሙን አያስረዳም። ስለዚህ ጊዜው ባለፈ ጊዜ ፕሮግራሙ በዚያው `CheckoutRequestID` የክፍያውን ውጤት ራሱ ኤም-ፔሳን ይጠይቅ፤ ለዚህ የተዘጋጀ መጠየቂያ አለ። መልሱ «ገና በሥራ ላይ ነው» የሚል እንደ ሆነ ቈይቶ ይድገም። እስከዚያው ለደንበኛው የሚታየው ጽሑፍ «ክፍያዎን በማጣራት ላይ ነን፤ እባክዎ ዳግመኛ አይክፈሉ» የሚል ይሁን። «እንደገና ይሞክሩ» የሚባለው ክፍያው አለመፈጸሙ ሲረጋገጥ ብቻ ነው።

ሁለተኛ፣ የክፍያው መዝገብ አንድን የደረሰኝ ቍጥር ሁለት ጊዜ እንዳይቀበል ይደረግ። እዚህ ላይ አንድ ረቂቅ ነገር አለ። ፕሮግራሙ «ይህ ቍጥር ቀድሞ አለን?» ብሎ አይቶ፣ ከሌለ ይጽፋል ቢባል አይበቃም፤ ሁለት ማስታወቂያዎች በአንድ ቅጽበት ቢደርሱ ሁለቱም «የለም» የሚል መልስ አግኝተው ሁለቱም ይጽፋሉና። እገዳው የመረጃ ቋቱ ራሱ የሚያስከብረው መሆን አለበት፤ ይኸውም እንዲህ ባለ ትእዛዝ ይፈጸማል፦

```
ALTER TABLE payments
  ADD UNIQUE (receipt_number);
```

ከዚህ በኋላ ሁለተኛው ማስታወቂያ ሲመጣ መዝገቡ አይቀበለውም፤ ፕሮግራሙም ዕቃ ሳያስወጣ «ደርሶኛል» ብሎ ብቻ ይመልሳል። መልሱን መንፈግ ግን አይገባም፤ ላኪው እየደጋገመ ይልካልና።

ሦስተኛ፣ የሥራው ቅደም ተከተል ይስተካከል። አስቀድሞ ክፍያውን መመዝገብና የማስረከቢያውን ትእዛዝ ከዚያው ጋር በአንድነት መጻፍ፣ ቀጥሎ «ደርሶኛል» ማለት፣ ኢሜይልና ሌላው ጊዜ የሚወስድ ሥራ ከዚያ በኋላ ይሁን።

አራተኛ፣ ለአንድ ትእዛዝ ሁለት የተለያዩ ደረሰኞች ቢመጡ፣ ይህ የተደገመ ማስታወቂያ ሳይሆን በእርግጥ ሁለት ጊዜ የተከፈለ ገንዘብ ነው። ሁለቱም ይመዝገቡ፤ ዕቃው አንድ ጊዜ ይውጣ፤ ሁለተኛው ገንዘብ ለሰው ቀርቦ ይመለስ። ተመላሹም ራሱ ክፍያ ስለ ሆነ፣ እንዳይደገም በሚመለስለት ደረሰኝ ቍጥር አንድ ጊዜ ብቻ ይጻፍ።

በመጨረሻም፣ ማስታወቂያ የሚቀበለው አድራሻ በኢንተርኔት ላይ የተዘረጋ ስለ ሆነ፣ አድራሻውን ያወቀ አታላይ «ተከፍሏል» የሚል የሐሰት ማስታወቂያ ሊልክበት ይችላል። የመጣው የጥያቄ ቍጥር ሱቁ ራሱ ካወጣቸው ጥያቄዎች አንዱ መሆኑ፣ የገንዘቡም ልክ ከትእዛዙ ዋጋ ጋር መስማማቱ ይታይ፤ ዕቃውም ከመውጣቱ በፊት ውጤቱ ከኤም-ፔሳ ተጠይቆ ይረጋገጥ።

ይህ ሥርዓት ቢኖር የዚያች ደንበኛ ነገር በምን ይፈጸም ነበር? በ4 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ትእዛዙ «በመጣራት ላይ» ይሆናል፤ የሱቁ ኮምፒውተር ከተነሣ በኋላ ጥያቄውን አቅርቦ መከፈሉን ይረዳል፤ በ41 የሚጨርሰውም ደረሰኝ ከመግለጫው ተገኝቶ ይመዘገባል፤ አንድ ዕቃም ይወጣል። ሁለተኛ ክፍያ፣ ሁለተኛ ማስረከቢያ፣ ክርክርም አይኖርም። ሆኖም መጠየቂያው ራሱ የማይመልስበት ጊዜ ስለሚኖር፣ የማታው ማመሳከር በምንም ምክንያት አይቀርም።

የቴሌብርም ሆነ የሌላው አገልግሎት የቃላት አጠራር ከዚህ ይለያል እንጂ፣ የትእዛዝ ቍጥር፣ የክፍያ ቍጥርና ማስታወቂያ በየትም አሉ። ነጋዴው የፕሮግራም ዕውቀት ባይኖረውም ሱቁን መፈተን ይችላል። ድረ ገጹን የሠራለትን ባለሙያ ጠርቶ፣ በመለማመጃው መስመር ላይ አንዱን ማስታወቂያ ሁለት ጊዜ እንዲልክ ይዘዘው፤ ከመጋዘኑ ሒሳብ የሚቀነሰው ዕቃ አንድ መሆኑን በዓይኑ ይይ። ቀጥሎ ማስታወቂያው እንዳይደርስ መስመሩን ዘግቶ እንዲከፍል ያድርገው፤ በገጹም ላይ ምን እንደሚጻፍ ያንብብ። «አልተሳካም» የሚል ከወጣ፣ ሱቁ ለገበያ ገና አልተዘጋጀም።